ከቦሌ እስከ ዱለስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ በቀጥታ የበረረ ሰው ከፊቱ ባለው ስክሪን ላይ የሚታየው የጉዞ መስመር እንደ ቀስት ጎብጦ ያያል። አውሮፕላኑ ወደ ደቡብ ምሥራቅ መሄድ ሲገባው መጀመሪያ ወደ ሰሜን የወጣ፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ዞሮ የወረደ ይመስላል። ብዙ ተሳፋሪ ይህን ዙሪያ ጥምጥም አድርጎ ይቆጥረዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የጎበጠው መስመር አጭሩ ነው፤ በካርታው ላይ በማስመሪያ ቀጥ አድርገን የምናሰምረው ረጅሙ ነው።

ለማመን ቤት ውስጥ ወይም ትምህርት ቤት የሚገኝ የዓለም ሉል ይበቃል። ክር ውሰዱና አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዛችሁ ወጥሩት። ክሩ ቻድንና ማሊን አቋርጦ አይሄድም፤ ወደ ሰሜን ያመልጥና በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በቱኒዚያና በአልጄሪያ በኩል ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ ስፔን ይገባል። የመንገዱ እኩሌታ የሚያርፈው ፖርቱጋል ላይ ነው። ክሩ በአትላንቲክ ላይ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 45 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ከሁለቱ ከተሞች አንዳቸውም ግን ከ39 ዲግሪ አያልፉም። የተወጠረውን ክር በዚያው አቅጣጫ ብንቀጥለው ሉሉን እኩል ለሁለት ከፍሎ ተመልሶ መነሻው ላይ ይገጥማል። ይህን የመሰለው ክብ ታላቁ ክብ ይባላል፤ በሉል ላይ ከዚህ የሚያጥር መንገድ የለም። የዚህን ክር ርዝመት ያለ ክርና ያለ ሉል፣ በካልኩሌተር ብቻ የሚሰጠን ስሌት ሃቨርሳይን የተባለው ቀመር ነው።

ለመነሻ የሚያስፈልጉን አራት ቁጥሮች ናቸው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ኬክሮስ 8.98 ዲግሪ ሰሜን፣ ኬንትሮሱ 38.80 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። የዋሽንግተኑ ዱለስ ደግሞ 38.94 ዲግሪ ሰሜን፣ 77.46 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ይገኛል። ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቅን፣ ኬንትሮስ ደግሞ ከእንግሊዙ የግሪኒች መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደራቅን ይነግረናል። በስሌቱ ውስጥ ሰሜንና ምሥራቅ እንዳሉ ይጻፋሉ፤ ደቡብና ምዕራብ የመቀነስ ምልክት ይደረግላቸዋል። ስለዚህ የዱለስ ኬንትሮስ −77.46 ነው። ይህችን ትንሽ ሰረዝ ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

የሁለቱ ቦታዎች የኬክሮስ ልዩነት 29.96 ዲግሪ ነው። የኬንትሮሱ ልዩነት 38.80 ሲደመር 77.46፣ ማለትም 116.26 ዲግሪ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ «አንድ ዲግሪ ወደ 111.19 ኪሎ ሜትር ነው፤ እንግዲህ በትምህርት ቤት በተማርነው የፓይታጎረስ ደንብ ሁለቱን ላዋህዳቸው» ቢል 13,350 ኪሎ ሜትር ያገኛል። ይህ ከእውነተኛው በ1,786 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስህተቱ ያለው የኬንትሮስ ዲግሪ የትም ቦታ እኩል ነው ብሎ በማሰብ ላይ ነው። የኬንትሮስ መስመሮች በምድር ወገብ ላይ ተራርቀው ይነሱና ወደ ዋልታ እየተቀራረቡ ሄደው ዋልታው ላይ ይገናኛሉ። በአዲስ አበባ ኬክሮስ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 109.8 ኪሎ ሜትር ሲሆን በዱለስ 86.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የሚጠበበው በኬክሮሱ ኮሳይን ልክ ነው። ቀመሩ ውስጥ ሁለት ኮሳይኖች የምናየው ለዚህ ነው።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። ብዙ መጻሕፍት ቀመሩን አምጥተው ያስቀምጡታል እንጂ ከየት እንደመጣ አይነግሩም፤ ሥዕሉ ግን ቀላል ነው። በምድር ገጽ ላይ መሄዱን ለጊዜው ተዉትና ከቦሌ እስከ ዱለስ በመሬት ውስጥ ቀጥ ያለ ዋሻ እንቆፍር። የዋሻውን ርዝመት ካወቅን በገጹ ላይ ያለውን ቅስት ማግኘት ከዚያ በኋላ የአንድ እርምጃ ሥራ ነው።

ለዚህ አራት ነጥቦችን አስቡ። አንደኛው ቦሌ ነው። ሁለተኛው በቦሌ ኬክሮስ ላይ ሆኖ በዱለስ ኬንትሮስ ላይ ያለው ቦታ ነው። ሦስተኛው ዱለስ፣ አራተኛው ደግሞ በዱለስ ኬክሮስና በቦሌ ኬንትሮስ ላይ ያለው ቦታ ነው። አራቱን በቀጥታ መስመሮች ብናያይዛቸው ሁለት ጎኖቹ ትይዩ፣ ሌሎቹ ሁለት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ትራፒዚየም ይወጣል። ከትይዩዎቹ አንዱ በቦሌ ኬክሮስ ላይ ያለው ረጅሙ፣ ሌላው በዱለስ ኬክሮስ ላይ ያለው አጭሩ ነው። የእኛ ዋሻ የዚህ ትራፒዚየም ሰያፍ ሆኖ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ይሄዳል። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የሠራው ቶለሚ በክብ ውስጥ ስለሚቀመጡ ባለ አራት ጎን ቅርጾች የተወልን አንድ ደንብ አለ። ከዚያ ደንብ እንዲህ ላለው ትራፒዚየም የሚወጣው ይህ ነው፦ የሰያፉ ስኩዌር ከአንዱ እኩል ጎን ስኩዌርና ከሁለቱ ትይዩ ጎኖች ብዜት ድምር ጋር እኩል ነው።

በክብ ላይ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኝ ቀጥታ መስመር ደግሞ ርዝመቱ የማዕዘኑ ግማሽ ሳይን በዲያሜትሩ ሲባዛ ነው። ማዕዘኑ ለሁለት የሚከፈለው ከዚህ የተነሳ ነው። እኩሉ ጎን የሚወጣው ከኬክሮሱ ልዩነት ግማሽ ሳይን ነው። ትይዩዎቹ ከኬንትሮሱ ልዩነት ግማሽ ሳይን ይወጡና እያንዳንዳቸው በየኬክሮሳቸው ኮሳይን ይጠብባሉ። በቶለሚ ደንብ ስናዋህዳቸው፣ የምድርን ራዲየስ አንድ ብለን የዋሻውን ግማሽ ርዝመት ስኩዌር a ስንለው፣ ቀመሩ በሙሉ ይኸው ነው፦

```
a = sin²(Δφ/2) + cos φ1 · cos φ2 · sin²(Δλ/2)
c = 2 · arcsin(√a)
d = R · c
```

φ ኬክሮስ፣ λ ኬንትሮስ፣ Δ ልዩነት፣ R የምድር አማካይ ራዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። c በምድር መሐል ላይ ቆመን ሁለቱን ቦታዎች ብናይ በመካከላቸው የሚከፈተው ማዕዘን ነው፤ d የምንፈልገው ርቀት ነው።

ቁጥሮቻችንን እናስገባ። የ29.96 ግማሽ 14.98፣ የ116.26 ግማሽ 58.13 ዲግሪ ነው። ካልኩሌተሩ የሚሰጠን የሚከተለውን ነው፦

```
sin²(14.98°) = 0.0668
sin²(58.13°) = 0.7212
cos 8.98°    = 0.9877
cos 38.94°   = 0.7778
```

ሁለቱን ኮሳይኖች እናባዛና ውጤቱን በ0.7212 ስናባዛው 0.5541 ይመጣል። በዚህ ላይ 0.0668 ስንጨምር a 0.6209 ይሆናል። የዚህ ስኩዌር ሩት 0.7880 ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን ዋሻችንን እንለካ፦ 0.7880ን በምድር ዲያሜትር በ12,742 ስናባዛ ወደ 10,040 ኪሎ ሜትር ይመጣል። መሬቱን ሰንጥቀን ብንሄድ የሚጠብቀን መንገድ ይህ ነው።

ወደ ገጹ ለመውጣት «ሳይኑ 0.7880 የሆነው ማዕዘን ስንት ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ በካልኩሌተር ላይ ሳይን የሚለው ቁልፍ ግልባጭ ነው። መልሱ 52 ዲግሪ ሊሆን ጥቂት የቀረው ማዕዘን ነው። ለሁለት ከፍለን የጀመርን ስለሆነ አሁን በሁለት እናባዛለን፤ c 104 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በመጨረሻ ይህን ማዕዘን ወደ ራዲያን እንለውጠዋለን። ራዲያን ማለት በክብ ላይ የሚሸፍነው ቅስት ከራዲየሱ ጋር እኩል የሆነ ማዕዘን ነው፤ ስለዚህ ማዕዘኑ በራዲያን ከተነገረ በራዲየሱ ማባዛት ብቻ ርቀቱን ይሰጣል። ዲግሪውን በ3.14159 አባዝቶ ለ180 ማካፈል ነው ሥራው። c ሳይጠጋጋ 1.81503 ራዲያን ነው። በ6,371 ስናባዛው 11,564 ኪሎ ሜትር። ከቦሌ እስከ ዱለስ፣ በተወጠረው ክር ላይ።

ይህንኑ በኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው ጥቂት መስመር ይበቃዋል፦

```python
from math import radians, sin, cos, asin, sqrt

def hav_km(lat1, lon1, lat2, lon2):
    p1, p2 = radians(lat1), radians(lat2)
    dl = radians(lon2 - lon1)
    a = (sin((p2 - p1) / 2)**2
         + cos(p1) * cos(p2) * sin(dl / 2)**2)
    return 2 * 6371 * asin(sqrt(min(1, a)))

print(hav_km(8.98, 38.80, 38.94, -77.46))
```

`min(1, a)` የሚለው ቁራጭ ያለ ምክንያት አልገባም። ሁለቱ ቦታዎች ከምድር በተቃራኒ ጎን ሲሆኑ a ወደ አንድ ይጠጋል፤ ኮምፒውተሩ ቁጥር ሲያጠጋጋ ከአንድ በጥቂቱ ሊያልፍ ይችላል። ሳይኑ ከአንድ የሚበልጥ ማዕዘን ደግሞ የለምና ፕሮግራሙ በስህተት መልእክት ይቆማል።

የሚያሳስበኝ ግን ፕሮግራሙን የሚያቆመው ስህተት አይደለም፤ እሱ ራሱን ያጋልጣል። የሚያሳስበኝ እውነት የሚመስል ቁጥር ይዞ የሚወጣው ነው። የዱለስን የመቀነስ ምልክት ብንረሳ 5,085 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። ቁጥሩ አያስደነግጥም፤ ግን የለካነው ከአዲስ አበባ እስከ ምዕራብ ቻይና፣ እስከ ሺንጂያንግ ያለውን ርቀት ነው፤ 77.46 ዲግሪ ምሥራቅ እዚያ ነውና። ሌላው ስህተት ዲግሪን ወደ ራዲያን ሳይለውጡ ማስገባት ነው። በእጅ ካልኩሌተር ዲግሪ የሚለውን ምርጫ መያዝ ይቻላል፤ የፕሮግራም ቋንቋዎችና ኤክሴል ግን ሳይንና ኮሳይንን የሚያሰሉት በራዲያን ብቻ ነው፤ ኤክሴል ላይ `RADIANS()` የሚባለውን መጠቀም ግድ ነው። በእኛ ምሳሌ ይህን ብንረሳ የሚወጣው 5,072 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ስህተቶች በአሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ልዩነት ተቀራርበው አንዱ የሌላው ማረጋገጫ መስለው ቁጭ ይላሉ። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ለየብቻ አስልተው ተቀራራቢ መልስ ማግኘታቸው ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

የሚያዋጣው መልሱን በቃላችን በምናውቀው ቦታ መሞከር ነው። በምድር ወገብ ላይ ሆነን ከኬንትሮስ 0 ወደ ኬንትሮስ 90 ብንሄድ የምድርን ዙሪያ ሩብ እንጓዛለን፤ መልሱ 10,008 ኪሎ ሜትር መሆን አለበት። ራዲያኑ የተረሳ ከሆነ ወደ 13,000 የተጠጋ ቁጥር ይወጣና ይጋለጣል። ምልክቱን ለመፈተን ደግሞ ቦታውን ካርታ ላይ አስቀምጦ በዓይን ማየት ነው። ይህ ኬክሮስና ኬንትሮስ የተገላበጡበትንም ይይዛል፤ GeoJSON የሚባለው የካርታ መረጃ አጻጻፍ ኬንትሮስን ያስቀድማልና ይህ ስህተት ሁሌም ይገጥማል። የቦሌን ቁጥሮች ገልብጣችሁ ካርታ ላይ ብታስቀምጡ አዲስ አበባን ከሰርዲኒያ ደሴት በስተ ደቡብ፣ ባሕር ውስጥ ታገኟታላችሁ።

«ለምን ይህን ሁሉ ግማሽ ማዕዘንና ስኩዌር ውስጥ ገባን?» የሚል ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በሉል ላይ ርቀትን የሚሰጥ ሌላ፣ አጠር ያለ የኮሳይን ቀመር አለ፤ ለረጅም ርቀት ትክክል ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው በቅርብ ነው። ከመስቀል አደባባይ አንድ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቦታ አስቡ። የኮሳይን ቀመር የሚሰጠን የማዕዘኑን ኮሳይን ነው፤ የዚህ ትንሽ ማዕዘን ኮሳይን 0.99999998768 ነው። ሰባት አኃዝ ብቻ የሚይዝ መሣሪያ ይህን ሲያጠጋጋው አንድ ይሆንበታል፤ ኮሳይኑ አንድ የሆነ ማዕዘን ደግሞ ዜሮ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ ጠፋ ማለት ነው። በሃቨርሳይን በኩል ያው ርቀት 0.00000000616 ሆኖ ይመጣል። ቁጥሩ እጅግ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከዜሮዎቹ በኋላ ያሉት አኃዞች ሁሉ በእጃችን ናቸው፤ በዘጠኞች ረድፍ ተውጠው አልጠፉም። በዛሬው ኮምፒውተር ላይ የተለመደው ቁጥር ከአሥራ አምስት አኃዝ በላይ ስለሚይዝ የኮሳይን ቀመርም ለኪሎ ሜትር አያንስም፤ ወደ ሜትር ስንወርድ ግን እሱም መንሸራተት ይጀምራል።

መርከበኞች ይህን ያወቁት ኮምፒውተር ከመኖሩ በፊት ነው። ስማቸው ሃቨርሳይን የሆነው እንግሊዝኛው «ግማሽ ቨርስድ ሳይን» ከሚለው አጥሮ ነው። ቨርስድ ሳይን ማለት አንድ ሲቀነስ ኮሳይን ነው፤ የዚያ ግማሽ ደግሞ ከግማሽ ማዕዘኑ ሳይን ስኩዌር ጋር ፍጹም እኩል ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1835 በመርከብ መምሪያ መጽሐፉ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ጄምስ ኢንማን ነው። በዚያ ዘመን ማባዛት የሚሠራው ከሠንጠረዥ ሎጋሪዝም እየፈለጉ በመደመር ነበር። ኮሳይን ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ ሲያልፍ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ደግሞ በሠንጠረዡ ሎጋሪዝም የለውም። ሃቨርሳይን ግን ሁልጊዜ ከዜሮ እስከ አንድ ባለው ውስጥ ነውና መርከበኛው በማዕበል መሐል ስለ ምልክት ሳይጨነቅ ይደምራል። የኛ 116.26 ዲግሪ ከ90 የሚያልፍ ስለሆነ ከሚያስቸግሩት አንዱ በሆነ ነበር። በኮምፒውተር ዘመን ቀመሩን መልሶ ያስታወሰው እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ሲኖት ስካይ ኤንድ ቴሌስኮፕ በተባለው የሥነ ፈለክ መጽሔት ያወጣው አጭር ጽሑፍ ነው።

የቀመሩ ወሰን የሚታወቅ ነው። ምድርን ፍጹም ሉል አድርጎ ይወስዳታል፤ እሷ ግን ወገቧ ላይ በጥቂቱ የሰፋች ናት። ከመሐሏ እስከ ምድር ወገብ 6,378 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ዋልታ 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ምክንያት መልሱ እስከ ግማሽ በመቶ ሊሳሳት ይችላል፤ በእኛ ጉዞ ይህ ቢበዛ 58 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 11,563.567 ብሎ እስከ ሜትር መጻፍ የሌለንን እርግጠኝነት ማሳየት ነው። ለመሬት ልኬትና ለድንበር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1975 ታዴዩስ ቪንሰንቲ ያወጣው ስሌት ወይም ከዚያ የተሻሻለ ይሻላል፤ የምድርን ቅርጽ ያገናዝባልና ስህተቱ ከሚሊ ሜትር በታች ነው። የቅርብ ፋርማሲ ለሚፈልግ ስልክ ግን ሃቨርሳይን ከበቂ በላይ ነው፤ እዚያ ትልቁ ችግር ሌላ ነው፦ ክሩ ቤትና ወንዝ አያውቅም፤ መንገዱ ያውቃል።

አውሮፕላንም ቢሆን በክሩ ላይ ብቻ አይሄድም። ነፋስና የአየር ክልል ፈቃድ ያጣምሙታል፤ የቦሌ ከፍታም አለ። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ መነሳት ከባድ ነው። ከዱለስ የሚነሳው በረራ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከአዲስ አበባ የሚነሳው ለዓመታት አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ ነዳጅ እየቀዳ ያለፈው ለዚህ ነው። ደብሊን በካርታ ላይ ከመስመሩ እጅግ የራቀች ትመስላለች። ቀመሩን ሁለት ጊዜ ብንጠቀም፣ የደብሊንን 53.42 ዲግሪ ሰሜንና −6.27 አስገብተን፣ ከቦሌ እስከ ደብሊን 6,365፣ ከደብሊን እስከ ዱለስ 5,465 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ድምሩ 11,830 ነው፤ ከቀጥታው ክር የሚበልጠው በ266 ኪሎ ሜትር ብቻ።